እስከ ብሎን ድረስ

መጀመሪያ የሰማችው ድምፁን ነው። ቸርርር። ደረጃው መሃል ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ትንሽ አረፈና እንደገና፣ ቸርርርር፤ ረጅምና ደረቅ፣ ፕላስተር ከግድግዳ ላይ ሲላጥ የሚያወጣው ድምፅ። ከሥር ካለው ጎሚስታ ቤት መዶሻ ጎማ ይደልቃል፣ የአየር መሙያው ያጓራል። ያን ሁሉ ጩኸት አልፎ ግን ይኼ ቀጭን ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። እዚያ ፎቅ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ነገር አንድ ብቻ ነው። የእሷ ዛፍ።

የቀሩትን ደረጃዎች እየዘለለች ወጥታ በሩን ገፋችው።

ዋርሳዋ፣ የባሏ ታላቅ ወንድም፣ ጀርባውን ሰጥቷት ግድግዳው ሥር ቆሟል። የጭቃ ቦቲውን እንኳ አላወለቀም። በግራ እጁ የካርድ ክምር ይዟል፤ በቀኙ ደግሞ የአንዱን ካርድ ጫፍ ይዞ፣ ቁስል ላይ የተለጠፈ ነገር የሚያነሳ ይመስል፣ ቀስ አድርጎ ይልጣል። የሳይቱ ኃላፊ እሱ ነው። ሠራተኞቹ እሱ በሌለበት «ቫይብሬተር» ይሉታል፤ አርማታ ሲሞላ ኮንክሪቱ ውስጥ ገብቶ እንደሚያርገፈግፈው ማሽን፣ እሱ የገባበት ነገር ሁሉ ሳይናጥ አይወጣም።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ቅጠል እያራገፍኩ» አለ ሳይዞር። «በዝቶበታል።»

«ካርዶቹን ይስጡኝ።»

«እሰጥሻለሁ። መጀመሪያ ላንብብልሽ፤ የጻፍሽውን ረስተሽው ይሆናል።» ከክምሩ እያነሳ አንድ በአንድ ጠረጴዛዋ ላይ ይጥል ጀመር። «ኮምፕሬሰር። እሺ፣ ይሁን። ከኮምፕሬሰሩ ሥር መቀመጫው። እሺ። ከመቀመጫው ሥር ላስቲኩ። ከላስቲኩ ሥር ብሎኑ። ከብሎኑ ሥር ሮንዴላው።» የመጨረሻዋን፣ ብሎን ሥር የምትገባዋን የቀጭን ቀለበት ካርድ፣ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አሳያት። «እንግዲህ ለሮንዴላዋ አለቃ ሹሚላታ፣ ከፋፋይዋ።»

«ከፋፋይዋ» ያላት እሱ ነው፤ የድርጅቱ ፕላነር ናት፣ ሥራዋም ትልቁን ሥራ ወደ ትናንሽ ሥራ መከፋፈል ስለሆነ ነው ይላል ሲጠየቅ፤ ግን ስሙን ሲጠራው ከንፈሩ ላይ የሚመጣው ፈገግታ ስለ ሥራ አይደለም። እሷ ወደዚህ ቤት ከመግባቷ በፊት ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ትሪ ይበሉ ነበር፤ እሱ እንደሚያወራው ከሆነ። አሁን አይነጋገሩም።

ካርዶቹን ከጠረጴዛው ላይ ሰበሰበች። 

ዛፉ፣ ሥራውን ከላይ ወደ ታች የሚከፋፍለው የካርድ ሥዕል፣ ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ ይዞታል። ከላይ አንድ ካርድ አለ፤ «የአሣ ማቀዝቀዣ መጋዘን» ይላል። ከሱ ሥር ትልልቆቹ ቅርንጫፎች ተዘርግተዋል፤ ወለልና ግንባታ፣ ማቀዝቀዣ፣ መብራት፣ በሮች፣ ፍተሻና ርክክብ፣ የፕሮጀክቱ አመራር። ከየቅርንጫፉ ሥር ደግሞ የሚበተንባቸው ትናንሽ ካርዶች። ድርጅቱ የአማቷ፣ የባሏ አባት፣ ነው፤ ወለልና ግንባታው የቫይብሬተር፣ ማቀዝቀዣው የባሏ። ከሰዓት በኋላ የአሠሪው ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ትመጣለች። ዛፉን ተቀብላ ካልፈረመች የነገው አርማታ አይሞላም። ባለፈው መጥታ ገና ከበሩ ላይ ሆና አይታ፣ «ይኼ አልተመጣጠነም» ብላ መልሳዋለች። አማቷም ያን ዕለት በሁሉም ፊት ቁርጡን ተናግረዋል። መሐንዲሷ ሁለተኛ ከመለሰችው ዕቅዱን ቫይብሬተር ይረከባል፤ ምራቲቱም ጠረጴዛዋን ለቃ ቤቷ ትገባለች።

ጠረጴዛዋ የሚያስቀና ነገር የለውም። አንዱ እግሩ አጥሮ ካርቶን ተደርጎለታል፤ መስኮቱም የሚያሳየው የጎሚስታውን ቆርቆሮ ጣሪያና የተቆለለ አሮጌ ጎማ ነው። ግን ትምህርቷን ጨርሳ፣ አግብታ፣ ስንት ዓመት «ነገ ትጀምሪያለሽ» እየተባለች በማጀት ከቆየች በኋላ ያገኘችው ጠረጴዛ ነው። እዚያ ላይ ስትቀመጥ ብቻ ነው ሰው ጠይቋት መልሷን የሚጠብቀው።

«የእኔንስ አየሽው?» አለ ቫይብሬተር። ጣቱን በግድግዳው ግራ ጥግ ወደተለጠፈች አንዲት ካርድ ቀሰረ። «‹ወለል›። አለቀ። የባልሽ ሥራ እንደ ሐረግ መሬት ወርዶ ተንፏቋል፤ የእኔ ሥራ አንድ ቃል። ያየ ሰው ምን ይላል? እሱ ሲለፋ እኔ እዚያ ጥላ ሥር ተኝቼ ነዋ።»

«ልከፍተው ስንቴ መጣሁ ጋሼ? ሳይት ድረስ መጥቼ ስጠይቅዎ ምን አሉኝ?»

«ወለል ወለል ነው አልኩሽ።»

«‹ወለል ወለል ነው፣ ዞር በይ መኪና እንዳይገጭሽ› ነው ያሉኝ። በሠራተኞቹ ፊት።»

«ታዲያ ገጨሽ?»

በሩ ተከፈተ። አማቷ ገቡ። መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ትንፋሻቸው በደረጃው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ማንንም ሰላም ሳይሉ የእሷን ወንበር ስበው ተቀመጡና መነጽራቸውን አድርገው ግድግዳውን ያዩ ጀመር። ረጅም ጊዜ አዩት። ቫይብሬተር እጁን አጣጥፎ ቆመ፤ አባቱ ፊት ሁልጊዜ ልጅ ይሆናል።

«መቼ መቼ እንደሚሠራ የታለ?» አሉ በመጨረሻ።

«ያ ሌላ ነው አባባ። ይኼ ምን ምን እንደሚሠራ ነው። ምኑ ካልታወቀ መቼውን ማውጣት አይቻልም።»

«በሮች የሚለው ሥር ባዶ ነው።»

«የበሩን ሠሪ ገና አልመረጥንም። የማላውቀውን ብከፋፍለው ፈጠራ ነው የሚሆነው። ሠሪው ሲታወቅ እከፍተዋለሁ፤ እስከዚያ እንደ አንድ ትልቅ ጥቅል ይቆያል።»

«እምም» አሉ። ይኼ «እምም» የሚሉት ነገር እምቢም እሺም አይደለም። «ስሚ ልጄ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የተዘረፍኩት በትልቁ አይደለም፤ በትንሹ ነው። በሚስማር፣ በከረጢት። ስለዚህ ሁለቱንም እስከ ብሎን አውርጂልኝ። ይኼንንም ያንንም። ማን በየትኛው ሰዓት ምን እንደነካ ልወቅ።»

ሁለቱን ልጆቻቸውን እንደማያምኑ ሁሉም ያውቃል፤ እንዲህ ፊት ለፊት ሲሉት ግን ቫይብሬተር ፊቱ ጠቆረ።

«አባባ፣ እስከ ብሎን ካወረድነው» አለች፣ ድምፅዋን አለዝባ፣ «ብሎኑን የሚያጠብቅ አንድ ሰው፣ ብሎኑ መጥበቁን የሚጽፍ ሌላ ሰው እንቀጥራለን። ብሎን መቁጠር የፎርማኑ ነው። እኔ ጋ መቆም ያለበት አንድ ሰው ‹የኔ ነው› ብሎ የሚጠየቅበት ቦታ ላይ ነው። ስንት ቀን እንደሚፈጅና ስንት እንደሚያስወጣ ሳንዋሽ የምንገምትበት፤ ደግሞም ከአንዱ የሳይት ስብሰባ እስከሚቀጥለው ባለው ጊዜ ውስጥ ወይ አልቋል ወይ አላለቀም የምንልበት። ከዚያ በላይ ከቆምኩ ጭፍን ነው፤ ከዚያ በታች ከወረድኩ ደግሞ እርስዎን በወረቀት እቀብርዎታለሁ።»

ጥሩ ተናገረች። ራሷም ታወቃት። አማቷ ግን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው በላዩ አዩአት።

«ታዲያ ለባልሽ ለምን ወረድሽ?»

ቫይብሬተር በአፍንጫው ሳቀ።

መልሱ እዚህ ክፍል ውስጥ የሚነገር አልነበረም።  ባሏ ቤት ሲገባ ሌላ ወሬ የለውም። እራት እየበሉ ስለ ኮምፕሬሰር ያወራል፤ ላስቲኩ ከሌለ ንዝረቱ ቱቦውን እንዴት እንደሚሰነጥቀው፣ ብሎኑ ካለልክ ከጠበቀ ምን እንደሚመጣ። ሳይት ላይ ቃል የማይወጣው ሰው ነው፤ ሠራተኞቹ «ፍሪጅ» ይሉታል፣ ዝግ ነው፣ ሲከፈት ደግሞ ብርድ ነው ብለው። ለእሷ ግን ይከፈታል። እሷም የሰማችውን ሁሉ ካርድ ላይ ጻፈች። እሱ የነገራትን ያህል ወረደች፤ ዋርሳዋ የከለከላትን ያህል ቆመች። ሥራው እስከሚፈልገው ድረስ የወረደችበት ቅርንጫፍ አንድም አልነበረም። የወረደችው ሰው እስከተናገራት ድረስ ነበር።

ይኼ ሲገባት ወደ ግድግዳው ተጠጋች።

«ላስተካክለው» አለች።

ባሏ የገባው ብሎኖቹን ስትሰበስብ ነው። ላስቲኩን፣ ብሎኑን፣ ሮንዴላውን አንስታ «ኮምፕሬሰር፣ ተተክሎ የተፈተሸ» ከሚለው አንድ ካርድ ጀርባ በአግራፍ ታስራለች። በሩ ላይ ቆሞ አያት። 

«ምንድነው?»

«ወደ ላይ እያጠፍኩት ነው። በጣም ወርጄ ነበር።»

«ያ የእኔ ሥራ ነው እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «አንድ ካርድ ካደረግሽው የሠራሁት በምን ይታያል?»

«ፎርማንህ ይያዘው። ዝርዝሩ አይጠፋም፤ ግድግዳው ላይ አይሆንም ብቻ።»

«ለወንድሜ ንገሪው» አለ ቫይብሬተር፣ ወደ ጣሪያው እያየ፣ «ሮንዴላው ጡረታ ወጥቷል በይው።»

«ለወንድሜ ንገሪው» አለ ባሏ፣ እሱም ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ «ስለማይገባው ነገር አፉን ይዝጋ።»

አንድ ክንድ ያህል እንኳ አይራራቁም። የክሬን ጉዳይ ነው መነሻው፤ ቫይብሬተር ባሏ የጠየቀውን ክሬን ወስዶ ቀኑን ሙሉ አቆይቶበት፣ ባሏ ደግሞ ለአሠሪው ከሶት። ከዚያ ወዲህ ቃላቸው በእሷ በኩል ነው የሚተላለፈው፤ በመስኮት በኩል ዕቃ እንደሚቀባበል ሰው።

አማቷ ጠረጴዛውን በጣታቸው መቱት። «ወለሉ» አሉ።

አዲስ ካርድ አወጣች፣ እስክሪብቶዋን ከፈተች፣ ከዋርሳዋ ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ ሥራውን አይንገሩኝ። ቁፋሮ፣ ማቡካት፣ መደልደል አልፈልግም። ሲያልቅ በእጅ የሚነካውን ብቻ ይንገሩኝ። ከአፈሩ ጀምረው ወደ ላይ።»

«አባባ፣ ይቺ ልጅ...»

«ንገራት» አሉ አባቱ።

ቫይብሬተር ጥርሱን ነከሰ። «ገረጋንቲ» አለ፣ ቃሉን እንደ ድንጋይ እየወረወረ። «የተደለደለ።» ጻፈች፣ ለጠፈች። «ሊን ኮንክሪት፣ መደላደያው።» ለጠፈች። «ፕላስቲክ። ውሃ እንዳይወጣ። ፎም። ብርዱን የሚይዘው። ከላዩ ፌሮ፣ ከፌሮው ላይ አርማታ። አለቀ። ይኼን ለማወቅ ነው ትምህርት ቤት የገባሽው?»

«ምን ላይ ደርሷል?»

«ፎሙ እየተነጠፈ ነው። ግማሹ አልቋል። ነገ አርማታ።»

ካርዶቹን ወደኋላ ቆማ አየቻቸው። እዚህ ይበቃል ለማለት አልቸኮለችም፤ የሚቀር ነገር አለ። ትልቁን ካርድ ስትከፋፍለው፣ ቁርጥራጮቹ ሲደመሩ ትልቁን ካርድ ሙሉ አድርገው መመለስ አለባቸው፤ አንድም ሳይጎድል፣ አንድም ሳይተርፍ። ከሥር ወደ ላይ በጣቷ እየነካች ደመረቻቸው። ገረጋንቲ፣ ሊን፣ ፕላስቲክ፣ ፎም፣ ፌሮ፣ አርማታ። ይኼ ወለል ነው። የየትኛው ቤት ወለል? የመኪና ማቆሚያም ወለል እንዲህ ነው፣ ፎሙ ሲቀር። ይኼ ግን ከዓመት እስከ ዓመት ከዜሮ በታች ሃያ ምናምን የሚሆን ቤት ነው።

«ፎሙ ብርዱን ጨርሶ ያቆመዋል?» አለች ወደ ባሏ ዞራ።

«ጨርሶ የሚያቆም ፎም የለም። ያዘገየዋል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ብርዱ አፈሩ ድረስ ይወርዳል። አፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ይሆንና ያብጣል። ወለሉን ከሥር ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ይሰነጠቃል፣ በር አይዘጋም፣ ግድግዳው ይጣመማል። ለዚህ እኮ ነው ማሞቂያው።»

«ማሞቂያው የቱ ጋ ነው?»

«ከፎሙ ሥር። የሞቀ ፈሳሽ የሚዞርበት ቱቦ ነው፤ ሊኑ ላይ ተዘርግቶ በስስ ኮንክሪት ይሸፈናል። ንድፉ ላይ አለ።»

«የእኔ ጥያቄ ዛፉ ላይ የቱ ጋ ነው የሚል ነው።»

 

ባሏ ግድግዳውን አየ። በማቀዝቀዣው ቅርንጫፍ ላይ ያን ሁሉ ብሎን ነግሯታል፤ ማሞቂያውን አንድ ቀን እንኳ አልነገራትም። ለምን ይነግራታል? የእሱ አልመሰለውም።

«ከወለል በታች ያለ ሁሉ የእሱ ነው» አለ ባሏ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ወንድሙ እያየ።

«ቱቦና ሙቀት የማን ነው?» አለ ቫይብሬተር፣ ፊቱ ቀስ እያለ ቀለሙን እየቀየረ። «እኔ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ? ሊኑን ጨርሼ ለቀቅኩልህ። ቱቦውን ዘርግተህ የወጣህ መስሎኝ ነው ፕላስቲኩን ያለበስኩት።»

«የወጣሁ መስሎህ? ዓይን የለህም?»

«ቱቦው ጓሮ ተጠቅልሎ ተቀምጧል!» አለ ቫይብሬተር። ከዚያ የተናገረው ለራሱ ጆሮ ደረሰው። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ልጆቹ ምሳ ሲበሉ ይቀመጡበታል። የተረፈ መስሎኝ...» አለና ተወው።

ባሏም አይቶት ነበር። ሁለቱም በየቀኑ በዚያ በጥቁር ጥቅል ቱቦ አጠገብ አልፈዋል፤ አንዱ «ወንድሜ ገና ሊዘረጋው ነው» እያለ፣ ሌላው «ዘርግቶ የተረፈው ነው» እያለ። አንዲት ቃል ቢለዋወጡ ኖሮ የሚያልቅ ነገር ነበር። እሷስ? ዛፉን ለሁለቱ ባለሙያዎች እንደ ርስት ቆርሳ ሰጥታ፣ ድንበሩ ላይ ማን እንደሚቆም አልጠየቀችም። የአንዱን ርስት እስከ ሮንዴላ አወረደችው፤ ያ ሁሉ ካርድ ዓይን ስለሞላ የጎደለው አልታየም።

 «ፎሙ ይነሳል» አሉ አማቷ። ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ ለዚህ ነው ሁለቱም ልጆች አንገታቸውን የደፉት። «ፕላስቲኩም ይነሳል። እናንተ ስትኳረፉ መሬቱ ሊነሳብኝ ነበር።»

ቫይብሬተር ቀድሞ ነቃ። ካርድ ነጥቆ ያዘ። «ቀላል ነው። ክፈይው። ቱቦው አንድ ካርድ፣ የእሱ። ስስ ኮንክሪቱ ሌላ ካርድ፣ የእኔ። ሁላችንም የየራሳችንን።»

«እሱ ያለው ይሻላል» አለ ባሏ። ከወራት ወዲህ በአንድ ነገር ሲስማሙ ይኼ መጀመሪያቸው ነው።

«አይሆንም» አለች።

«ምን?»

«አይከፈልም። ኮንክሪቱ ሲፈስ ቱቦው ውስጥ ግፊት መኖር አለበት፣ አይደል? አንተ ነህ የነገርከኝ። አካፋ ወይ ጫማ ከበሳው መለኪያው ወዲያው እንዲወርድ። ታዲያ ያን ሰዓት መለኪያውን የሚያየው ማን ነው? ቱቦ ዘርጊው ‹ዘርግቼ ወጣሁ› ይላል፤ ኮንክሪት ሞዪው ‹ቱቦ አላውቅም› ይላል። ከከፈልኩት እንደገና መሃሉ ላይ ስንጥቅ እተዋለሁ። ‹የወለል ማሞቂያ፣ ተዘርግቶ፣ በግፊት ተፈትሾ፣ የተሸፈነ›። አንድ ካርድ። አንድ ተጠያቂ። ሌላው ያግዘዋል እንጂ የእሱ አይሆንም።»

«እስከ ሮንዴላ ስትከፋፍይ ከርመሽ» አለ ቫይብሬተር፣ «ዛሬ ቱቦና ኮንክሪት መለየት አቃተሽ?»

«አላቃተኝም። ከዚህ በታች ቢወርድ ይጎዳል።»

«ለኔ ነው የምትይው?»

«ለወለሉ ነው።» ካርዱን ከእጁ ወስዳ ጻፈችና፣ የተጠያቂውን ቦታ ባዶ ትታ፣ በሊኑና በፕላስቲኩ መሃል ለጠፈችው።

ከታች መኪና ቆመ። የመሐንዲሷ መሆኑን ሁሉም አወቀ፤ በሩ ሁለት ጊዜ ካልተመታ የማይዘጋ መኪና ነው። አማቷ ሊቀበሏት ተነሱ፤ ቫይብሬተር ተከተላቸው። ባሏ የእሷን ክንድ ይዞ ወደ ኮሪደሩ፣ የውሃ ማጣሪያው አጠገብ፣ ሳባት።

«በእኔ ላይ እንዳትጽፊው።»

«እስቲ ተረጋጋ።»

«እየሰማሽኝ ነው? ፎም ማንሳት አለ፣ ፕላስቲክ ማንሳት አለ፣ ቀን ይገፋል። ካርዱ የእኔ ከሆነ መዘግየቱ የእኔ ነው። አባባ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ያነሳብኛል። ያ ደግሞ ሲስቅብኝ ይኖራል። ወለል ነው፣ የወለል ነው፣ ለእሱ ስጪው።»

«የግፊት መለኪያ ያለው ማን ጋ ነው?»

«አላልኩሽም? ለእሱ ስጪው። አንድ ነገር ነው የለመንኩሽ።» ጣቶቹ ክንዷ ላይ ጠበቁ፣ ከዚያ ለቀቃት። «ማታ ማታ የነገርኩሽን ሁሉ እዚህ ልታወጪብኝ ነው?»

የመሐንዲሷ ጫማ ደረጃው ላይ ተሰማ።

መሐንዲሷ አጭር ሴትዮ ነች፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ የማታወርድ። ሻይ ይምጣ ሲሏት እጇን አወዛወዘችና ግድግዳው ሥር ቆመች። ከላይ ወደ ታች አነበበች፣ ከዚያ ከታች ወደ ላይ። የማቀዝቀዣው ቅርንጫፍ አጥሮ ስታየው ቅንድቧ ትንሽ ተነሳ። በሮች ሥር ያለውን ባዶ በጣቷ ነካችው።

«ሠሪው አልታወቀም?»

«አልታወቀም። ሲታወቅ ይከፈታል።»

«ጥሩ። ከመዋሸት ይሻላል።» ወደ ወለሉ ዞረች። ገረጋንቲ፣ ሊን። ገና ቀለሙ ያልደረቀው ካርድ ላይ ስትደርስ ቆመች። ዞር ብላ ቫይብሬተርን አየችው። «ይኼ ሳይሸፈን በፊት መጥቼ እንዳየው አልተጠራሁም።»

ቫይብሬተር ወደ ቦቲው አቀረቀረ።

«አልተዘረጋም ማለት ነው?»

«አልተዘረጋም» አለች ፕላነሯ። «ፎሙ እየተነጠፈ ነው። ይነሳል። ዛሬ ነው ከዛፉ መጉደሉን ያየነው።»

አማቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ እንዲህ ገልጣ ትናገራለች ብለው አልጠበቁም። መሐንዲሷ ግን ራሷን ነቀነቀች፣ የቁጣም የምስጋናም ያልሆነ መነቅነቅ።

«አርማታው ነገ አይሞላም እንግዲህ።»

«አይሞላም።»

«ይሻላል። ከዓመት በኋላ ከምንፈነቅለው።» ካርዱን በእስክሪብቶዋ ጫፍ መታችው። «ሌሎቹ ካርዶች ላይ ሁሉ ተጠያቂ ተጽፏል። እዚህ ላይ ባዶ ነው። ይኼ የማን ነው?»

ያኔ ሦስቱም ወንዶች ወደ ፕላነሯ ዞሩ። አማቷ ከመነጽራቸው በላይ፤ ቫይብሬተር አገጩን ወደ ላይ አድርጎ፣ ሽንፈቷን እንደሚጠብቅ፤ ባሏ ከበሩ አጠገብ፣ ሄልሜቱን በሁለት እጁ ይዞ።

«ጻፊዋ» አለ ቫይብሬተር፣ በለሆሳስ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማው። «እጅሽ ከከበደሽ እኔ ልጻፍልሽ። ዕቅዱንም በዚያው ልረከብሽ።»

ለቫይብሬተር ብትጽፈው ማንም አይከራከራትም ነበር። ካርዱ ወለል ሥር ነው ያለው፤ ወለሉ የእሱ ነው፤ ቤቷ ሰላም ያድራል። ግን ዋርሳዋን የግፊት መለኪያ ይዞ መሬት ላይ ተንበርክኮ ሲያይ አሰበችው። አልታይ አላት። እሱ መርፌው ሲወርድ አይቶ «ፀሐይ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ባሏ ግን ያያል። ሌሊቱን ሙሉ ቢሆን ያያል፤ ለራሱ ሲል ሳይሆን፣ የሚንጠባጠብ ነገር ስለማይወድ።

እስክሪብቶዋን ከፍታ ካርዱ ላይ ጻፈች። ግድግዳው ሸካራ ስለሆነ ጽሑፉ ትንሽ ተሰባበረ። «የማቀዝቀዣ ኃላፊ»።

«እሱ ነው የሚጠየቀው» አለች። «ጋሼ ሰውና ኮንክሪት ያቀርቡለታል።»

ቫይብሬተር ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ ሳቁ አልመጣም። «አቀርባለሁ» አለ ብቻ።

መሐንዲሷ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። ይህን ስታደርግ ሲያዩዋት የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ካርቶን በተደረገለት እግር በኩል ጠረጴዛው እንዳይነቃነቅ በጉልበቷ ደግፋ ፈረመች። «ማሞቂያው ሲዘረጋ፣ ከመሸፈኑ በፊት እመጣለሁ። ጥሩኝ» አለች። አማቷ ተመልሰው ከተቀመጡበት ከፕላነሯ ወንበር ተነስተው ቆሙና፣ ወንበሩን ወደ እሷ በእግራቸው ገፋ አደረጉት።

አልተቀመጠችም። ወደ በሩ አየች።

ባሏ ካርዱን እያየ ነበር። ከካርዱ ላይ ዓይኑን አንስቶ እሷን አያት፤ ማታ ማታ ገበታ ላይ በሚያያት ዓይን አይደለም፣ በቁጣም አይደለም። ሄልሜቱን አደረገ፣ ማሰሪያውን ከአገጩ ሥር አጠበቀ። በሩን ከፈተና የቱቦው ጥቅል ወዳለበት ወደ ሳይቱ ወጣ።